ሃንድፒስ የሚያመክን ማሽን እንዴት ይመረጣል? ለትንሽ የጥርስ ክሊኒክ የንጽጽር መመሪያ

አውቶክሌቭ ልትገዙ ስትነሱ በመስታወትና በጉጠት አትመዝኑት። በሃንድፒስ መዝኑት። መስታወት፣ ፕሮብና የጥርስ መንቀያ ጉጠት ድፍን ብረት ናቸው። በደንብ ከታጠቡ እንፋሎቱ ሁሉንም ጎናቸውን ያገኘዋል። ደህና የሚሠራ ማሽን ሁሉ ያመክናቸዋል። ሃንድፒስ ግን ውስጡ ባዶ ነው። አንዱ ቀጭን ቱቦ አየር ያስገባል፣ ሌላው ውሃ ያመጣል፣ ሌላው አየሩን መልሶ ያወጣል። ጭንቅላቱ ውስጥ ደግሞ ተርባይን፣ ትንንሽ ቤሪንጎችና ቀጫጭን ጎሚኒዎች አሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ሐኪሙ እግሩን ከፔዳሉ ላይ ሲያነሳ ነው። አየሩ ሲቋረጥ ተርባይኑ ለትንሽ ጊዜ በራሱ ይሽከረከራል። በዚያች ቅጽበት ከታካሚው አፍ ምራቅና ደም ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። ውጩን በአልኮል መወልወል እዚያ ድረስ አይደርስም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን እያንዳንዱን አማራጭ የማየው በሁለት ጥያቄ ነው። ሙቀቱ ሃንድፒሱ ውስጥ ይገባል ወይ? መግባቱንስ በምን አውቃለሁ?

ከመጀመሪያው የሚወጡት ሁለቱ

መዘፍዘፊያ ኬሚካል ለሃንድፒስ አይሆንም። 2% ግሉታራልዴሃይድ ውስጥ 20 ደቂቃ የቆየ ዕቃ ብዙ ጀርም ይሞትበታል እንጂ አልመከነም፤ ስፖሮቹ ይተርፋሉ። ስፖር ለመግደል ወደ 10 ሰዓት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላም በመከነ ውሃ መታጠብ አለበት። ቤሪንጉ ይህን ሁሉ ሰዓት ተነክሮ ደህና አይወጣም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፈሳሹ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ሥራውን መሥራቱን በስፖር ፈትናችሁ የምታረጋግጡበት መንገድ የለም።

በረኪናም እዚሁ ይነሳ። ዕቃን ከማጠብ በፊት 0.5% ክሎሪን ውስጥ መዘፍዘፍ እኛ አገር ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየ ልማድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ ይህን አይመክርም። ብረቱን ይበላል፣ ደምና ቆሻሻ ሲያገኝም ራሱ ክሎሪኑ ይዳከማል። ሃንድፒስ በረኪና ውስጥ ከገባማ ለጥገና እንኳን አይመችም።

ሁለተኛው ደረቅ ኦቨን ነው። በ160 ዲግሪ 2 ሰዓት ወይም በ170 ዲግሪ 1 ሰዓት ያመክናል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ዕቃው ራሱ ያን ሙቀት ካገኘ በኋላ ነው እንጂ ቁልፉ ከተጫነበት ደቂቃ አይደለም። ለድፍን ብረት መልካም ነው፤ ዝገት አያመጣም። ሃንድፒስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚችለው እስከ 135 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ ጎሚኒው ይቀልጣል፣ ቤሪንጉ ይበላሻል፣ መብራት ያለው ከሆነም የመብራቱ መስመር ይጎዳል። ኦቨን ካላችሁ አትጣሉት፣ ለድፍን ዕቃ ተጠቀሙበት። ለሃንድፒስ ግን ሌላ ማሽን ያስፈልጋችኋል።

ክላስ ኤን፦ አየሩ በራሱ ክብደት የሚወጣበት አውቶክሌቭ

ይህ በየጤና ጣቢያው የምናውቀው ነው። ቁመቱ ረዘም ያለ ድስት መሰል አለ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥም አለ። ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ከላይ ይሞላል፣ ከበድ የሚለው አየር በታች በኩል እየተገፋ ይወጣል። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። የሚበላሸውም ነገር ጥቂት ስለሆነ ሰፈር ያለ ባለሙያ ይጠግነዋል። አንዳንዱ በጋዝ ምድጃ ላይ ይሠራል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ደካማ ጎኑ አየር ነው። ሰፊ ቦታ ላይ ያለው አየር በቀላሉ ይገፋል። ሃንድፒስ ቱቦ ውስጥ የተያዘው አየር ግን የሚገፋው የለም፣ እዚያው ይቀራል። አየር ያለበት ቦታ ላይ እንፋሎት አይደርስም። በአውሮፓ መስፈርት ክላስ ኤን የሚፈቀደው ላልታሸገና ድፍን ለሆነ ዕቃ ብቻ ነው። አንዳንድ የሃንድፒስ አምራቾች ግን በዚህ ዓይነት ማሽን በ132 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ታሽጎ ይመክናል ብለው በመመሪያቸው ይጽፋሉ። ስለዚህ ያላችሁ ክላስ ኤን ብቻ ከሆነ የሃንድፒሱን መመሪያ አውጥታችሁ አንብቡ። እዚያ ላይ ካልተጻፈ አያመክነውም ብላችሁ ቁረጡ።

ሌላው ችግር መድረቅ ነው። ብዙዎቹ የማድረቂያ ዙር የላቸውም። ዕቃው ረጥቦ ከወጣ የፓውቹ ወረቀት ከጠረጴዛውና ከእጃችሁ ጀርም ይስባል። እርጥብ ፓኬት አልመከነም ማለት ነው፣ ክርክር የለውም።

ጌጁ 15 ሲል አዲስ አበባ ላይ ምን ማለት ነው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደገኛ ከተማ ላይ ላለ ክሊኒክ ከማሽኑ ዋጋ በላይ ዋናው ነገር ይህ ነውና።

በብዙ መጽሐፍ «15 ፒኤስአይ ላይ 121 ዲግሪ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። በመርፌ የሚሠራው ጌጅ የሚያሳየው በማሽኑ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ብቻ ነው። ሙቀቱን የሚወስነው ግን ሁለቱ ተደምረው ነው። የባሕር ጠለል ላይ የውጭው አየር ወደ 1 ባር ይጠጋል። 15 ፒኤስአይ ማለት 1.03 ባር ነው። ሲደመሩ 2.05 ባር አካባቢ ይሆናል። በዚህ ግፊት ላይ ንጹሕ እንፋሎት 121 ዲግሪ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። የውጭው አየር 0.77 ባር ገደማ ነው፤ ውሃ የሚፈላውም በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጌጁ 15 ላይ ሲቆም ድምሩ 1.80 ባር ብቻ ይሆናል። ይህ 117 ዲግሪ ነው። የ4 ዲግሪ ልዩነት ትንሽ ይመስላል። በስፖር ላይ ግን እንፋሎት በየ10 ዲግሪው የመግደል ኃይሉ አሥር እጥፍ ገደማ ስለሚለወጥ፣ የ4 ዲግሪ ጉድለት ሥራውን ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ያዘገየዋል። 15 ደቂቃ አመከንን ስትሉ ያገኛችሁት የ6 ደቂቃ ሥራ ነው። 121 ዲግሪ ለማግኘት አዲስ አበባ ላይ ጌጁ 18 ተኩል ፒኤስአይ አካባቢ መድረስ አለበት። ደብረ ብርሃን ከዚህም ከፍ ይላል፣ አዳማ ትንሽ ዝቅ ይላል።

ይህን ያነበበ ሰው ቫልቩን ራሱ ሊያጠብቅ እንዳይነሳ አደራ። የደህንነት ቫልቩ ግፊቱ ከልክ ሳያልፍ ተከፍቶ የሚያስተነፍስ ነው፤ ከተጠበቀ ማሽኑ ሊፈነዳ ስለሚችል መነካካት አይገባም። ባለሙያ መጥቶ ማሽኑ ያን ግፊት ይችል እንደሆነ ያያል። ካልቻለ አምራቹ ለደጋ ቦታ የጻፈውን የረዘመ ጊዜ መጠቀም ነው። ያም ካልተጻፈ ማሽኑ ለእናንተ ከተማ አልተሠራም። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን «ይሄ ማሽን ሙቀት በሴንሰር ይለካል ወይስ በጌጅ ነው የሚሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሙቀቱን ራሱን የሚለካ ማሽን ይህ ጣጣ የለበትም።

ክላስ ቢ፦ በቫክዩም የሚሠራው

ክላስ ቢ አየሩ ራሱ እስኪወጣ አይጠብቅም። በፓምፕ ይስበዋል፣ እንፋሎት ያስገባል፣ እንደገና ይስባል። ይህን ብዙ ጊዜ ሦስት ዙር ይደጋግማል። ከዚያ በኋላ የሚገባው እንፋሎት በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ የሚከለክለው አየር የለም። በ134 ዲግሪ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይቆያል፤ ብዙ ማሽኖች ትንሽ ይጨምሩበታል። መጨረሻ ላይ በቫክዩም ያደርቃል። ለታሸገ ሃንድፒስ የተሠራው እሱ ነው።

ነገር ግን ይከብዳል። ዋጋው ከክላስ ኤን በብዙ ይበልጣል። ዲስቲልድ ውሃ ይፈልጋል፤ የቧንቧ ውሃ ከጨመራችሁበት በውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል፣ ቫልቩም ይደፈናል። የበሩ ጎሚኒ ሲደክም ቫክዩም ያመልጣል። ፓምፑን የሚያውቅ ባለሙያ በየከተማው አይገኝም። መብራት በመሃል ከሄደ ዑደቱ ተቋርጧል ማለት ነው፦ ዕቃው በአዲስ ፓውች ታሽጎ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ለኮምፒውተር የሚገዛው ዩፒኤስ ይህን ማሽን አይችለውም፤ ጀነሬተር ወይም በልኩ የተሠላ ኢንቨርተር ያስፈልጋል።

መሃል ላይ ክላስ ኤስ አለ። አምራቹ በስም ለጠቀሰው ዕቃ ብቻ ነው የሚያገለግለው። «ሃንድፒስ፣ የታሸገ» የሚል በጽሑፍ ካለው ጥሩ፤ የሻጭ ቃል ብቻ ከሆነ ግን እለፉት።

የኔ ፍርድ ይኸው፦ በሳምንት ብዙ ጥርስ የሚሞላ ክሊኒክ ክላስ ቢ ይግዛ። ጥርስ መንቀልና ማጽዳት ብቻ ለሚሠራ፣ መብራቱም ለማይታመንበት ክሊኒክ ጥሩ ክላስ ኤን ይበቃዋል። ሃንድፒስ የሚጠቀም ከሆነ ግን የአምራቹ መመሪያ ይገዛዋል።

ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚገዛው

አንድ ወንበር ያለው ክሊኒክ እናስብ። በየ40 ደቂቃው አንድ ታካሚ ይገባል። ማጠብ፣ ዘይት ማድረግና ማሸግ 20 ደቂቃ ይውሰድ። ዑደቱ ከነማድረቂያው 50፣ መቀዝቀዝ 10 ደቂቃ። ለአንድ ሃንድፒስ ብሎ ማሽን የሚያስነሳ ስለሌለ የሁለተኛውን ታካሚ ሃንድፒስ መጠበቅ 40 ይጨምራል። አንድ ሃንድፒስ ከአፍ ወጥቶ እስኪመለስ 2 ሰዓት ሆነ። በዚያ ጊዜ ሦስት ታካሚ ይገባል። አራት ሃንድፒስ ያስፈልጋል፣ አንዱ ጥገና ሲሄድ የሚተካ ሲጨመር አምስት።

ሁለት ሃንድፒስ ይዞ ክላስ ቢ የገዛ ክሊኒክ ገንዘቡን ያባክናል። ቀትር ላይ ወረፋ ሲበዛ ረዳቷ ምን ታድርግ? በአልኮል ወልውላ ከመስጠት ሌላ ምርጫ አልተዋትም። ስለዚህ የማሽን ዋጋ ስታወዳድሩ የሃንድፒሶቹን ዋጋ አብራችሁ ደምሩ።

ዑደቱ እንዴት ይሄዳል

ታካሚው እንደጨረሰ፣ ሃንድፒሱ ገና ወንበሩ ላይ ሳለ፣ ውሃና አየር ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይለቀቅበት። ወደ ውስጥ የተሳበው በዚህ ይገፋል። ከዚያ ቡሩ ወጥቶ ውጩ ይወለወልና ይነቀላል።

ማጠቢያው ጋ በብሩሽ፣ በሚፈስ ውሃና ለዕቃ በተሠራ ሳሙና ውጩ ይታጠባል። ውሃ ውስጥ አይነከርም፣ አምራቹ ካልፈቀደ በቀር አልትራሶኒክ ውስጥም አይገባም። መስታወቱ፣ ፕሮቡና ቡሩ ግን አልትራሶኒክ ይወዳሉ። የደረቀ ደም ያለበት ዕቃ አይመክንም፦ እንፋሎቱ ቅርፊቱን እንጂ ከሥሩ ያለውን አያገኝም።

ቀጥሎ ዘይት ነው። በስፕሬይ በኋላ በኩል ይረጭና ትርፉ መውጣት አለበት። ብዙ ክሊኒክ የሚስተው ይህን ነው። በአየር አስነስታችሁ የጭንቅላቱን ጎን በነጭ ጨርቅ ያዙት። ጥቁር ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ከታየ ውስጡ ገና ቆሻሻ ነው፣ እንደገና ይረጭ። ጠብታው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ይቀጥል። በውስጡ ዘይት የተጠራቀመበት ሃንድፒስ እንፋሎቱን ይከለክለዋል፣ በሙቀቱም ዘይቱ ይደርቅና ይጣበቃል።

ፓውቹ ላይ ቀኑና የዑደቱ ቁጥር ይጻፋል። ማሽኑ ውስጥ ፓውቾቹ በጠርዛቸው ይቁሙ፣ አይደራረቡ። ሲያልቅ ደርቆ ይውጣ፣ በራሱ ይቀዝቅዝ። ሰው ቸኩሎ ውሃ ሥር ካቀዘቀዘው ማምከኑም ሄደ፣ ቤሪንጉም ሄደ።

መሥራቱን በምን አውቃለሁ

ሦስት ማስረጃ አለ። ብቻውን የሚበቃ የለም።

የመጀመሪያው ማሽኑ የሚያሳየው ሙቀት፣ ግፊትና ጊዜ ነው። በየዑደቱ መዝገብ ላይ ይጻፍ ወይም ህትመቱ ይያዝ። ሁለተኛው ቀለም የሚቀይረው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ውጭ ላይ የሚለጠፈው ቴፕ መጥቆሩ ፓኬቱ ሙቀት ማየቱን ብቻ ይነግራችኋል፣ ያልገባውን ከገባው ለመለየት ነው። ፓኬቱ ውስጥ የሚቀመጠው ባለ አምስተኛ ዓይነት ኢንቴግሬተር ግን ሙቀት፣ ጊዜና እንፋሎት አብረው መገናኘታቸውን ያያል። ከቻላችሁ በየፓኬቱ፣ ካልቻላችሁ በየዑደቱ አንድ አስገቡ።

ክላስ ቢ ያላቸው አንድ ተጨማሪ ነገር አለባቸው። ጠዋት ከሥራ በፊት የሄሊክስ ፈተና ይደረጋል፦ 1.5 ሜትር ርዝመትና 2 ሚሊሜትር ውስጣዊ ስፋት ባለው ቱቦ ጫፍ ላይ ምልክት ወረቀት ይቀመጣል። እንፋሎቱ እስከ ጫፉ ከደረሰ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ቀለም ይቀይራል። ካልቀየረ ቫክዩሙ አልሠራም፤ በዚያ ቀን ሃንድፒስ አይገባበትም። ማሽኑ የቫክዩም ማምለጥ ፈተና ካለው በሳምንት አንድ ጊዜ አሂዱት። የጎሚኒ መድከም ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው።

ሦስተኛውና ትልቁ ስፖር ነው። ለእንፋሎት ጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ የሚባለው፣ ለደረቅ ኦቨን ባሲለስ አትሮፊየስ። አትቀያይሩ። በሳምንት አንድ ጊዜ አንዷ አምፑል ከእውነተኛ ጭነት ጋር፣ ፓኬት ውስጥ፣ የማሽኑ መመሪያ አስቸጋሪ ነው ባለው ቦታ ትገባለች። ከዚያ ማሽን ውስጥ ካልገባች ሌላ የዚያው ባች አምፑል ጋር ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ትንሽ ማሞቂያ ውስጥ ትቀመጣለች። ውጤቱ እንደ አምራቹ በ24 ወይም በ48 ሰዓት ይነበባል። ያልገባችው ቀለሟን መቀየር አለባት፤ ካልቀየረች ስፖሩ ቀድሞ ሞቷል፣ ፈተናው ዋጋ የለውም። የገባችው ቀለሟን ካልቀየረች ማሽኑ ሠርቷል።

አምፑሏ ቀለም ብትቀይርስ

አዲስ አበባ ያለ፣ በጌጅ የሚሠራ ክላስ ኤን የያዘ ክሊኒክ እንውሰድ። ጌጁ 15፣ ሰዓቱ 15 ደቂቃ፣ ዕቃው ሳይታሸግ። ቴፑ ሁልጊዜ ይጠቁራል። ሁለቱም አምፑሎች ቢጫ ሆኑ።

ያልገባችው ቢጫ ስለሆነች ፈተናው ትክክል ነው። የገባችውም ቢጫ ስለሆነች ስፖር ተርፏል። ማሽኑ ወዲያው ከአገልግሎት ይወጣል። ቀጥሎ ሰው ነው የሚፈተሸው፦ ተጨናንቆ ተጭኗል? አየር ማውጫው እንፋሎት በደንብ እስኪወጣ ክፍት ነበር? ሰዓቱ ትክክል ተቆጥሯል? ይህ ደህና ከሆነ በዚያው ጭነት፣ በዚያው ዑደት ፈተናው ይደገማል፤ አብሮም ከፍተኛውን ሙቀት ይዞ የሚቀር ቴርሞሜትር ይገባል።

ቴርሞሜትሩ 117 ላይ ቆሞ ወጣ። ምክንያቱ ተገኘ፦ ማሽኑ አልተበላሸም፣ የተሞላው የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ቴርሞሜትሩ ከ117ም ዝቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ ሌላ ነበር። ያኔ በማሽኑ ውስጥ አየር ቀርቷል፤ አየርና እንፋሎት ተቀላቅለው ግፊቱን ይሞላሉ፣ ሙቀቱ ግን ይጎድላል።

ሁለተኛው ፈተናም ከወደቀ፣ መጨረሻ ካለፈው ፈተና ወዲህ የመከነ ዕቃ ሁሉ ከመደርደሪያ ይሰብሰብና በሌላ ማሽን ይመከን። ፓውች ላይ የተጻፈው ቀንና የዑደት ቁጥር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ማሽኑ ከተስተካከለ በኋላ በባዶው ሦስት ተከታታይ ዑደት በስፖር ይፈተናል። ሦስቱም ካለፉ በኋላ ወደ ሥራ ይመለሳል።